የንግድ ፈቃድ አይታደስም መባል በፍርድ ቤት ይከለሳል? ለፈተና የሞዴል መልስ አስተዋጽኦ

ጥያቄው (20 ነጥብ)

ወ/ሮ ሀ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ናቸው። ከአንድ የፌዴራል ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ያወጡትን ፈቃድ ለዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ እያሳደሱ ሠርተዋል። ዘንድሮ ኅዳር 12 የግብር ክሊራንሳቸውን አያይዘው ለእድሳት አመለከቱ። ታኅሣሥ 3 ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሳቸው፦ «ባለው አሠራር መሠረት ፈቃድዎ የማይታደስ መሆኑን እንገልጻለን።» ምክንያቱን ሲጠይቁ አንዲት ሠራተኛ «የራሱ መጋዘን ለሌለው አስመጪ እንዳይታደስ ሰርኩላር ወርዷል» አለቻቸው። ይህ መስፈርት በአዋጁም በደንቡም የለም። ሰርኩላሩ አልተመዘገበም፣ ድረ ገጽ ላይም አልወጣም። ወ/ሮ ሀ የአምስት ዓመት የመጋዘን ኪራይ ውል አላቸው፤ ግን የጠየቃቸው የለም። ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አቤት አሉ፣ በሳምንቱ «ውሳኔው ጸንቷል» ተባሉ። በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄዱ። መሥሪያ ቤቱ «ፈቃድ የመንግሥት ችሮታ ነው፣ ፍርድ ቤት አያገባውም» ሲል ተቃወመ። አስተያየታችሁን በሕግ አስደግፋችሁ ጻፉ።

መልሱን በምን እንጀምር

በመልሱ ጀምሩ። «አዎ፣ ይከለሳል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የሚያየው ውሳኔው እንዴት እንደተሰጠ ነው እንጂ ፈቃዱ ይታደስ አይታደስ ብሎ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር አይቀመጥም።» ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር መልሱን ሁሉ ትይዛለች። አራሚ መቶ ወረቀት ደራርቦ ነው የሚያነበው፣ የአስተዳደር ሕግን ትርጉም በአንድ ገጽ ተርኮ ወደ ጥያቄው የሚመጣ ተማሪ ነጥቡን ያጣው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት ይችላል ወይ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 41(1) ደግሞ በመረጡት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ መሰማራትን መብት ያደርገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ጥቀሱ። 37 ብቻውን «ይህ ጉዳይ በፍርድ ሊወሰን የሚገባ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል፣ የተነካው የሰው መተዳደሪያ መሆኑን የሚያሳየው 41 ነው።

ከዚያ ወደ ፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እለፉ። ደብዳቤው የአንዲት ግለሰብን መብትና ጥቅም የሚወስን ስለሆነ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፣ በአዋጁ መሠረትም ለክለሳ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። መሥሪያ ቤቱ የፌዴራል መሆኑን ከጥያቄው አንስታችሁ ጻፉ። ፈቃዱን የሰጠው የክልል ቢሮ ቢሆን ኖሮ በዚህ አዋጅ ሳይሆን በክልሉ ሕግ ነበር የምንሄደው።

የውስጥ ቅሬታውን ጨርሰዋል? ጨርሰዋል። ዘግይተዋል? በማግስቱ ነው የመጡት። ሁለት መስመር ይበቃል፣ ክርክር የሌለበት ቦታ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

«ችሮታ ነው» የሚለው ክርክር

የጥያቄው እምብርት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጉት። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ፍትሐዊ ሁኑለትና ክርክሩን በሙሉ ኃይሉ አቅርቡት። ከሴሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ በይግባኝ በመጣው የናኩዳ አሊ ጉዳይ (እ.ኤ.አ. 1951) የቅኝ ግዛቶችን ይግባኝ ያይ የነበረው የእንግሊዝ ፕሪቪ ካውንስል የጨርቅ ነጋዴ ፈቃድ መሰረዝን መብት እንደመንሣት ሳይሆን ችሮታን እንደመመለስ ነበር ያየው። በሪጅ እና ባልድዊን ጉዳይ (እ.ኤ.አ. 1964) የተሰጠው የእንግሊዝ ፍርድ ግን ያንን አካሄድ ተችቶ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የመሰማት መብትን አስፍቶታል። የእኛን ፍርድ ቤት እነዚህ እንደማያስገድዱት አንድ ቃል ጣል አድርጉ፣ የምንጠቅሳቸው ለማሳመኛ ነው።

ቀጥሎ ሌላውን የእንግሊዝ ፍርድ፣ ማኪነስ እና ኦንስሎ-ፌንን (እ.ኤ.አ. 1978) ጥቀሱ። ዳኛው ሜጋሪ የፈቃድ ጉዳዮችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው፦ ያለን ፈቃድ መንጠቅ፣ አዲስ ፈቃድ መጠየቅ፣ እና በመሃል ያለው የተጠባቂነት ጉዳይ። እድሳት ከመሃለኛው ነው። ለምን እንደሆነ በራሳችሁ ቋንቋ አስረዱ፣ አራሚው እዚህ ጋ ነው እናንተን የሚፈልገው። አዲስ አመልካች በሩን ከውጭ እያንኳኳ ነው። ወ/ሮ ሀ ግን ቤት ውስጥ ናቸው፦ ዘጠኝ ዓመት የሠሩበት ሱቅ፣ የቀጠሯቸው ሠራተኞች፣ በዱቤ ዕቃ የሚሰጧቸው ደንበኞች አሏቸው፤ ምናልባትም ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር ይኖራቸዋል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008ም እድሳትን ከአዲስ ፈቃድ ለይቶ ነው የሚያየው። ዘጠኝ ጊዜ የታደሰለት ሰው አሥረኛውን ቢጠብቅ መብቱ ነው፣ ያ ተስፋ ያለ ምክንያትና ሳይሰማ ሊቆረጥ አይገባም።

የክለሳ ምክንያቶች

ከጠንካራው ጀምሩ። አንደኛ፣ ሰርኩላሩ። 1183/2012 መመሪያ ሥራ ላይ እንዲውል መመዝገብና በድረ ገጽ መውጣት አለበት ይላል። ሰርኩላር፣ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ነጋዴ ላይ አዲስ ግዴታ ከጫነ በይዘቱ መመሪያ ነው። ይሄኛው አልተመዘገበም፣ ስለዚህ የእድሳት ክልከላ አይቆምበትም። በዚያ ላይ «የራስ መጋዘን» በአዋጁም በደንቡም የሌለ መስፈርት ስለሆነ ከሥልጣን በላይ የመሥራት ጥያቄም ያስነሳል። ሁለቱን አታደባልቁ። ሰርኩላሩ ነገ ቢመዘገብ የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው ግን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ምክንያት አለመስጠት። «ባለው አሠራር መሠረት» ምክንያት አይደለም። የቱ አሠራር? ከመቼ ጀምሮ? ወ/ሮ ሀ ምን ቢያሟሉ ይታደስላቸዋል? ደብዳቤው አንዱንም አይመልስም። ሠራተኛዋ በመስኮት በኩል የተናገረችውም የጽሑፍ ምክንያትን አይተካም።

ሦስተኛ፣ አለመሰማት። የኪራይ ውሉን እዚህ አምጡት። ጠርተው ቢጠይቋቸው ኖሮ ውሉን ያሳዩ ነበር፣ ምናልባት የተፈለገው ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ «የመሰማት መብት ተጥሷል» ብሎ ያልፋል። ቢሰሙ ምን ይለወጥ እንደነበር የጻፈ ግን ይለያል።

ምክንያታዊነትን በመጨረሻ፣ በአጭሩ አንሱት። የመጋዘን ፖሊሲ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው፣ ዳኛው ገበያ አያስተዳድርም።

መፍትሔው

ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ይሽራል፣ ጉዳዩን መሥሪያ ቤቱ በሕጉ መሠረት እንደገና እንዲያየው ይመልሳል። «ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ያድስላቸዋል» ብላችሁ አትጻፉ፣ መግቢያችሁን ታፈርሳላችሁ።

አንድ ነገር ጨምሩ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የእድሳት ጊዜው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ደብዳቤው ደግሞ ታኅሣሥ 3 ነው የደረሳቸው። ክርክሩ እስኪያልቅ ቀኑ ያልፋል። እግድ ይጠይቁ? እምቢታን ማገድ ፈቃድ አይወልድም፣ ክልከላው ቢታገድም በእጃቸው የታደሰ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ጠበቃቸው ጉዳዩ እስኪወሰን በነበረው ፈቃድ እንዲሠሩ፣ በመዘግየቱም ቅጣት እንዳይታሰብባቸው ግልጽ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ አለበት።