ለ2018 የውድድር ዘመን የቀረበ የስፖንሰርሺፕ ጥያቄ

ቀን፦ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሜዳችን ዙሪያ ለምትገኙ የንግድ ድርጅቶች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የስፖንሰርሺፕ ድጋፍ ስለመጠየቅ

ክለባችን ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሚጀምረው የውድድር ዘመን ሦስት ቡድኖች ያሰልፋል። ዋናው የወንዶች ቡድን 24፣ የሴቶች ቡድን 20፣ ከ12 ዓመት በታች ያለው ቡድን ደግሞ 22 ተጫዋቾች አሉት። ከአባላት የምንሰበስበው መዋጮ ለምዝገባና ለአሰልጣኞች አበል ይበቃል። ትጥቅ፣ ኳስ፣ የሜዳ ጥገና፣ ትራንስፖርትና የዳኛ ክፍያ ግን ከዚያ በላይ ናቸው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁም ለእነዚሁ ነው።

ጥቅል ገንዘብ አንጠይቅም። የሚያስፈልገንን ዕቃና አገልግሎት በብዛቱ ዘርዝረናል፤ ድርጅታችሁ ከዝርዝሩ አንዱን ወይም የአንዱን ክፍል መርጦ ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ከሦስት አቅራቢዎች የተሰበሰበ ፕሮፎርማ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ክፍያውን በቀጥታ ለአቅራቢው መፈጸም ትችላላችሁ፤ እኛም ይህን እንመርጣለን፤ ደረሰኙ በድርጅታችሁ ስም ስለሚቆረጥ ለሒሳብ ሠራተኛችሁም ይቀላል።

ማሊያ

ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ የስፖንሰር ስም በብዛት የሚታየውም እዚሁ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናስረዳለን።

ዋናውና የሴቶች ቡድን እያንዳንዳቸው ሁለት ዓይነት ቀለም ያስፈልጋቸዋል። የሁለት ቡድኖች ማሊያ ከተመሳሰለ ዳኛው አንዱን ያስቀይራል፤ ተለዋጭ የሌለው ቡድን የልምምድ ሰደርያ ደርቦ ይጫወታል፣ ያን ጊዜ ደረት ላይ ያለው የስፖንሰር ስም ይሸፈናል። ግብ ጠባቂዎች ከራሳቸው ቡድንም ከተጋጣሚም ከዳኞችም የሚለይ ቀለም መልበስ አለባቸው። በዚህ ስሌት ለዋናው ቡድን 48፣ ለሴቶች 40፣ ለልጆቹ ደግሞ በአንድ ቀለም 22 ማሊያ ከነቁምጣውና ካልሲው እንፈልጋለን። ቁጥር የሌላቸው 4 መለዋወጫ ማሊያዎችም ይጨመራሉ፤ የደማ ተጫዋች ደሙ ቆሞ፣ ልብሱም ከደም ጸድቶ ካልታየ ዳኛው ወደ ሜዳ አይመልሰውም። በድምሩ 114 ማሊያ ነው።

በአንድ ማሊያ ላይ የምንሸጠው ቦታ ሦስት ብቻ ነው፦ ደረት፣ ከቁጥሩ በላይ ያለው የጀርባ ክፍል እና የቀኝ እጅጌ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ቢመጣም አንቀበልም። ዘጠኝ ስም የተደረደረበትን ማሊያ ከሜዳ ጠርዝ የቆመ ሰው አንዱንም አያነበውም፤ የከፈለው ሁሉ ይከስራል። በአንድ ቡድን ማሊያ ላይ በአንድ ዓይነት ንግድ የተሰማሩ ሁለት ድርጅቶችንም አናስቀምጥም። ደረትን የሚወስደው ድርጅት የዚያን ቡድን ሙሉ ትጥቅ ግማሽ ይሸፍናል፤ ጀርባና እጅጌ ቀሪውን እኩል ይካፈላሉ።

ኅትመቱ ቀለሙ ከጨርቁ ጋር የሚዋሐድበት የሰብሊሜሽን ሥራ እንዲሆን ወስነናል። በሙቀት ከሚለጠፈው ይለያል፤ የሚለጠፈው በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ወይም ሲተኮስ ጠርዙ ይነሳና ከጥቂት ወራት በኋላ የድርጅታችሁ ስም ፊደል ይጎድለዋል። ሰብሊሜሽን የራሱ ገደብ አለው፦ በፖሊስተር ላይ ብቻ፣ ያውም በነጭ ወይም ፈዘዝ ባለ መደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ነጭ ቀለምንም አያትምም። ስለዚህ ዓርማችሁ ነጭ ፊደል ብቻ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ በዙሪያው ቀለም የተሞላ መደብ አብሮ እናሳትማለን።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ መጓተት የሚፈጥረው የዓርማው ፋይል ነው። ከስልክ ላይ የተነሳ ፎቶ ወይም ከማኅበራዊ ገጽ የወረደ ምስል ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ማስታወቂያ ሠሪያችሁ የሰጣችሁን ዋናውን የቬክተር ፋይል (በ.ai፣ በ.eps፣ በ.svg ወይም በ.pdf የተቀመጠውን) ላኩልን። ፋይሉ ከሌላችሁ ከክለቡ በጎ ፈቃደኞች አንዱ እንደገና ይሥለዋል፤ ለዚህ ግን አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ከኅትመት በፊት በልኩ የታተመ ናሙና አምጥተን እናሳያችኋለን፤ ፊደሉንና ስልክ ቁጥሩን አይታችሁ ሳትፈርሙበት ምንም አይታተምም።

ኳስና የልምምድ ዕቃ

ስሌታችን ለሁለት ተጫዋች አንድ ኳስ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ልምምዱ ወረፋ ጥበቃ ይሆናል። ከአምናው የተረፉ 7 ባለ 5 ቁጥር ኳሶች አሉን፤ ተጨማሪ 17 ያስፈልጋሉ፣ 2ቱ ለውድድር የሚሆኑ። ባለ 5 ቁጥር ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ410 እስከ 450 ግራም መሆን አለበት፤ ርካሹ ኳስ ብዙውን ጊዜ ይህን ልክ አያሟላም፣ ስለዚህ ስንረከብ እንለካለን፣ እንመዝናለን። ለልጆቹ 11 ባለ 4 ቁጥር ኳሶች እንፈልጋለን። በተጨማሪ 30 የልምምድ ሰደርያ፣ 40 ኮን፣ ግፊት መለኪያ ያለው 2 የኳስ መንፊያና 20 መርፌ። መርፌው በደረቁ ሲገባ ቫልቩን ይቀደዋል፤ ከአምናው ኳሶች አብዛኞቹ አየር መያዝ ያቃታቸው በዚህ ምክንያት ነበር። ዘንድሮ ማለስለሻ ዘይት ከመንፊያው ጋር ይቀመጣል፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሆናል።

ሜዳ

ግቦቻችን በልኩ ናቸው፤ በአግዳሚው በኩል 7.32 ሜትር፣ ከፍታቸው 2.44 ሜትር። ነገር ግን የአንዱ የኋላ እግር ዝጎ ከመሬት ማሰሪያው ተላቋል። ያልታሰረ ግብ ልጅ ሲንጠለጠልበት ወደፊት ይገለበጣል፤ ይህ ሞት የሚያስከትል አደጋ ነው፣ ስለዚህ ከዝርዝሩ ሁሉ ቅድሚያ የሰጠነው ለዚህ ነው። ብየዳ የሚሠራ ድርጅት ካላችሁ የግማሽ ቀን ሥራና 4 መልሕቅ ብረት ይበቃል። 2 መረብና ቁመታቸው ከ1.5 ሜትር ያላነሰ 4 የማዕዘን ባንዲራ ዘንጎችም ያስፈልጋሉ።

ለመስመር ማስመሪያ ነጭ የውኃ ቀለም እንጠይቃለን። ኖራ ለመስጠት የምታስቡ ካላችሁ ከልብ እናመሰግናለን፤ ግን አንጠቀምበትም። ኖራ ከላብና ከዝናብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ጉዳቱ ከባድ ነው።

ጉዞ፣ ዳኛና ሕክምና

ዋናው ቡድን 9፣ የሴቶች ቡድን 7 ጨዋታ ከሜዳችን ውጭ ያደርጋሉ። በእያንዳንዱ ጉዞ 18 ተጫዋችና 5 የቡድን አባላት ይሄዳሉ፤ የአንድ ጉዞ ደርሶ መልስ ብቻ መሸፈንም ይቻላል። አውቶቡስ ያለው ድርጅት በገንዘብ ፋንታ መኪናውን ከነሹፌሩ ቢሰጠን የበለጠ ይጠቅመናል፤ ዘግይቶ የደረሰ ቡድን በፎርፌ ሊሸነፍ ስለሚችል ከጨዋታው 3 ሰዓት በፊት መነሳት ግዴታ ነው። በሜዳችን ለሚደረጉ 16 ጨዋታዎች የሦስት ዳኞች ክፍያ በእኛ ላይ ነው። ፋርማሲዎችን የምንጠይቀው ሁለት የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ እንዲሞሉልን ነው፦ ፋሻ፣ ጎዝ፣ የቁስል ማጽጃ፣ ፕላስተር፣ የእጅ ጓንትና ቀዝቃዛ ከረጢት። የህመም ማስታገሻ አንፈልግም፤ ተጫዋች ህመሙን ደብቆ እንዲሮጥ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል።

በምላሹ የምናደርገው

ከማሊያው ውጭ፣ ማንኛውም ደጋፊ ድርጅት ወርዱ 3 ሜትር ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ባነር ለሙሉ የውድድር ዘመን በሜዳው ዳር ይኖረዋል። የጨዋታው ሕግ ማስታወቂያ ከመስመሩ ቢያንስ 1 ሜትር እንዲርቅ ያዛል፤ በግቡ፣ በመረቡና በማዕዘን ባንዲራዎች ላይ ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ ስለዚህ «ግቡ ላይ ስቀሉልን» የሚል ጥያቄ ብንወድም አንችልም። ባነሩ ዙሪያውን ታጥፎ የተሰፋ፣ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ የገመድ ማሰሪያ ቀለበት ያለው ይሁን፤ ጠርዙ ያልተሰፋ ባነር ነፋስ ሲመታው ቀለበቶቹ ተነቅለው ይወጣሉ። ማቆምና ማውረድ የእኛ ሥራ ነው። በሜዳችን እያንዳንዱ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊትና በእረፍት ሰዓት የድርጅታችሁ ስም በድምፅ ማጉያ ይነገራል።

የተመልካች ቁጥር አልጻፍንላችሁም። መግቢያ ነፃ ስለሆነ የሚቆጥር የለም፤ በግምት የተጻፈ ቁጥር ደግሞ ለእናንተ አይጠቅምም። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ በዓይናችሁ ብታዩ ይሻላል። ሽያጫችሁ ይጨምራል የሚል ቃልም አንገባም።

የልጆቹ ቡድን ማሊያም ሆነ ልጆቹ በሚጫወቱበት ሰዓት የሚቆሙ ባነሮች የአልኮል፣ የትምባሆና የውርርድ ማስታወቂያ አይዙም። ይህ የኮሚቴው ውሳኔ ነው፤ በክፍያ መጠን አይለወጥም። በማንኛውም ማሊያ ላይ የፖለቲካም የሃይማኖትም መልእክት አይታተምም።

አፈጻጸሙ

ለመደገፍ የወሰነ ድርጅት የመረጠውን በተያያዘው ቅጽ ላይ አመልክቶ እስከ ጳጉሜን 3 ይመልስልናል። አንድን ቦታ ሁለት ድርጅቶች ከመረጡ ቅጹን ቀድሞ የመለሰው ይወስዳል። በሁለት ገጽ ውል እንፈራረማለን፤ ውሉ ለአንድ የውድድር ዘመን ነው። የዓርማ ፋይል የመጨረሻ ቀን መስከረም 5 ነው። ማተሚያ ቤቱ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚህ ቀን ያለፈ ዓርማ ለማሊያ አይደርስም፣ በባነር ብቻ ይስተናገዳል።

በክለቡ የባንክ ሒሳብ የሚገባ ገንዘብ የሚወጣው በሊቀመንበሩና በገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ነው። በጥርና በሰኔ መጨረሻ የተገዛውን፣ የተረፈውንና የጎደለውን ከደረሰኝ ቅጂ ጋር ለእያንዳንዱ ደጋፊ እናደርሳለን። ከቡድኖቹ አንዱ ከውድድር ከወጣ ለዚያ ቡድን የተሰጠውና ያልተነካው ገንዘብ በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ የተገዛ ዕቃ ወደየትኛው ቡድን እንደሚዛወር የሚወስነው ድርጅቱ ነው።

ለጥያቄ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ምሽት ክፍት ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የኮሚቴ አባላት የክለቡን መታወቂያ ይዘው በየድርጅታችሁ ይመጣሉ፤ ቅጽ ይቀበላሉ እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
የክለቡ ሥራ አመራር ኮሚቴ
(ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ እና ገንዘብ ያዥ ፈርመውበታል)

አባሪ፦ የዕቃና የአገልግሎት ዝርዝር 2 ገጽ፣ ፕሮፎርማ፣ የምርጫ ቅጽ 1 ገጽ፣ የውል ረቂቅ 2 ገጽ፣ የአምናው የሒሳብ ሪፖርት