ለወላጆች ስብሰባ አረፍዳለሁ

ቅዳሜ ጠዋት፣ በቴሌግራም

1፡35 — ሲስተር ገነት

ሚስ ሰናይት፣ እንደምን አደሩ? የ6ኛ «ለ»ው የናትናኤል እናት ነኝ።

የዛሬው የወላጆች ስብሰባ 3፡00 ሰዓት ላይ እንደሚጀመር አውቃለሁ። እኔ ግን የምደርሰው 4፡00 አካባቢ ነው። መንገዱ ከከፋ 4፡30 ይሆናል። ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሌሊቱን ተረኛ ነበርኩ። መውጫዬ 2፡00 ሰዓት ነው፤ በሰዓቱ ብወጣ እንደ ምንም እደርስ ነበር። አሁን ግን የምትረከበኝ ልጅ ደውላ ልጇ እንዳመማትና እንደምታረፍድ ነገረችኝ። ኦክስጅን ላይ ያሉ ሕመምተኞች አሉን። አልጋ በአልጋ ሳላስረክብ ጥዬ መውጣት አልችልም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሳሪስ አያት ድረስ ያለው መንገድ አለ፤ እሱን ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አባቱ እንዳይመጣ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ወጥቷል። ትናንት ማታ ሲደውል ሚሌ ነበር።

ስለዚህ እህቴን ትዕግስትን ልኬያታለሁ። ቤቷ እዚያው መሪ ስለሆነ 3፡00 ሳይሞላ ትደርሳለች። አዳራሽ ገብታ ትቀመጥልኝ፣ አቴንዳንሱ ላይም ትፈርምልኝ። ስለ ወተመህም ሆነ ስለ ክፍያ የሚባል ነገር ካለ ጽፋ ትይዝልኛለች። እጅ አውጡ ከተባለ ግን እንዳታወጣ ነግሬያታለሁ። የክፍያ ጭማሪ ላይ አስተያየቴን ራሴ ነው የምሰጠው።

አንድ ነገር ግን እባክዎ፣ ካርዱን ለሷ አይስጡብኝ። እህቴን እወዳታለሁ። ነገር ግን ውጤቱን ካየች እኔ መገናኛ ሳልደርስ ጎንደር ያለችው እናታችን ሰምታ ትደውልልኛለች። ካርዱን እኔው መጥቼ ፈርሜ ልውሰድ።

ካርድ የሚሰጠው እስከ ስንት ሰዓት ነው? የሒሳቡ ቲቸር ዳዊትስ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያሉ? ዋናው ጭንቀቴ እሳቸው ናቸው። ምክንያቱን ትንሽ ፋታ ሳገኝ እጽፍልዎታለሁ።

1፡52 — ሚስ ሰናይት

ሲስተር እንደምን አደሩ? ምንም ችግር የለም፣ ተረጋጉ። መጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ የዳይሬክተሩ ንግግር ነው፤ እሱ እስከ 4፡00 ይወስዳል። ከዚያ ነው ወላጆች በየክፍሉ የሚገቡት። ካርድ እስከ 6፡30 እሰጣለሁ። እህትዎ መፈረም ትችላለች፤ ከስሟ ጎን «አክስት» ብላ ትጻፍበት። ካርዱን አስቀምጥልዎታለሁ።

ቲቸር ዳዊት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ስለሚያስተምሩ 5፡00 ላይ ይወጣሉ። ምን ልንገርልዎት?

2፡20 — ሲስተር ገነት

እግዜር ይስጥልኝ ሚስ። ተረካቢዬ መንገድ ላይ ነች፤ እሷ እስክትመጣ ልጻፍልዎ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። በቃሌ ልነግራቸው ያሰብኩት ነበር፤ ግን እንዳያመልጡኝ ፈራሁ።

ናቲ በሒሳብ ከአምናው ወርዷል። ይሄን እርስዎም ያዩት ይመስለኛል። ኅዳር ላይ ስንገናኝ «ትኩረት ያንሰዋል» ተብዬ ነበር። እኔም አምኜ ስልኩን ቀማሁት፣ ኳሱንም ቀነስኩበት። ምንም ለውጥ አላመጣም።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ቁጭ ብዬ አየሁት። ቲቸር ክፍልፋይ ሰጥተዋቸዋል። አንዱ ጥያቄ 3/8 + 1/4 ነው። ከጓደኛው ደብተር ጋር አስተያይቼ ነው ያወቅኩት። ናቲ የጻፈው ግን 3/6 + 1/4 ነው። መልሱን ደግሞ 3/4 ብሏል። ኤክስ ገብቶበታል፤ መግባቱም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የጥያቄው መልስ 5/8 ነው። ነገር ግን እሱ ለጻፈው ጥያቄ 3/4 ልክ ነው! የጋራ ታህቱን አግኝቷል፣ ደምሯል፣ አቃልሏል። ሥራውን ያውቀዋል። የተሳሳተው ቁጥሩን ከሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ገጾቹን ገለጥኩ። ብዙዎቹ ኤክሶች እንደዚሁ ናቸው። 8 ስድስት ይሆናል፣ 3 ደግሞ አምስት ይሆናል። ከመጽሐፍ የሠራቸው የቤት ሥራዎች ላይ ግን እንዲህ ዓይነት ስህተት አንድም የለም። እዚያ የሚሳሳተው እንደ ማንኛውም ልጅ ነው።

የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኩት። መስከረም ላይ ከፊት ነበር፤ ረጅም ስለሆነ ከኋላ ያሉት ልጆች አይታየንም ብለው ወደ መጨረሻው ወንበር ተዛወረ። ቁመቱ የአባቱ ነው፣ ምን ይደረግ! ውጤቱ የወረደው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነው።

«ሰሌዳው ይታይሃል?» ስለው «አዎ» አለኝ። ቲቪ ሲያይ ግን አፍንጫው ሊነካው ምንም አይቀረው። የታክሲ ታፔላም እንዳልታየኝ አስመስዬ ጠይቄዋለሁ፤ እኔ ያነበብኩትን እሱ አላነበበውም። ለምን እንደሚደብቅ ገብቶኛል። መነጽር ያደረገ የክፍል ጓደኛ አለው፣ ልጆቹ «አራት ዓይን» ይሉታል። ናቲ ለሱ መጠሪያ ከሚወጣለት ዜሮ ቢያገኝ ይመርጣል።

እንግዲህ ጥርጣሬዬ ዓይኑ ነው። ነርስ ብሆንም የዓይን ባለሙያ አይደለሁም፤ ሰኞ ጠዋት ዓይን ክፍል አስመረምረዋለሁ። ለሰኞ ጠዋት ፈቃድ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ፤ ወደ 6፡00 ሰዓት ክፍል እመልሰዋለሁ።

ከትምህርት ቤቱ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ወደ ፊት ይምጣልኝ። ከኋላው ላሉት እንዳይጋርድ ዳር ላይ፣ መስኮት ጋ ቢሆን ይበቃል። ሁለተኛ፣ ቲቸር ዳዊት ጥያቄ ከሰሌዳ ሲያስጽፉ ቁጥሮቹን ጮክ ብለው ቢያነቡለት። ሦስተኛው ትንሽ ከባድ ነው። ልጆቹ ፊት «አይታይህም ወይ?» ተብሎ እንዳይጠየቅብኝ። ይሄን በጣም አደራ።

የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለባቸው ነው እንዲህ የምጨነቀው። ፈተናው ላይ እንኳ ወረቀቱ እፊቱ ስለሆነ ያነበዋል። የሚያሳስበኝ እስከዚያ ድረስ ከሰሌዳ የሚገለብጠው ነው። ተሳስቶ ከጻፈው ማስታወሻ ካጠና ምኑን አጠናው?

ማርክ ይስተካከልልኝ አላልኩም፤ ይሄ ከልቤ ነው። የተሰጠው ማርክ ይቁም።

የደብተሩን ገጽ ፎቶ ከታች ልኬያለሁ። ቲቸር እኔ እስክመጣ አንድ ጊዜ ዓይተው ቢቆዩኝ ደስ ይለኛል።

2፡34 — ሚስ ሰናይት

ሲስተር፣ አንብቤዋለሁ። እውነት ለመናገር እኔ ሳስተምር ፊቱን ጨፍገግ አድርጎ ሰሌዳውን ያያል፤ ደብሮት ነው ብዬ ነበር። ፎቶውን ለቲቸር ዳዊት አሁን አሳያቸዋለሁ። የሰኞው ፈቃድ ችግር የለውም፤ ለቢሮ አሳውቃለሁ። ሲመጡ ብቻ አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ።

2፡58 — ሲስተር ገነት

አስረክቤ ወጣሁ። ባቡር ልይዝ ነው። በታክሲ ከሄድኩ ሁለት ሦስት ቦታ መሰለፍ አለብኝ። ባቡሩ ስታዲየም ላይ አንዴ ብቻ ነው የሚያስቀይረኝ።

ትዕግስት ደርሳለች? ስልኳን አታነሳም።

3፡06 — ሚስ ሰናይት

ደርሳለች፣ አዳራሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ደብተር አውጥታ እየጻፈች ነው፤ ከሁላችንም በላይ የምታዳምጠው እሷ ናት።

ቲቸር ዳዊት ፎቶውን አይተውታል። የሌላ ፈተና ወረቀቱንም አወጡ፤ በታተመ ወረቀት የተሰጠው ኩዊዝ ላይ ጥሩ ነው የሠራው፣ በሰሌዳ የተጻፈው ላይ ነው የወረደው። «እናቱን ሳላገኝ አልሄድም» አሉ። ግን 5፡00 ላይ የግድ መውጣት አለባቸው።

3፡41 — ሲስተር ገነት

ስታዲየም ነኝ። የአያቱ ባቡር መጣ፣ ግን ጢም ብሎ ስለነበር መግባት አልቻልኩም። የሚቀጥለውን እየጠበቅኩ ነው። ትንሽ ከቆየ እስከ መገናኛ በታክሲ እሄድና ከዚያ ራይድ እጠራለሁ።

ቲቸር ዳዊትን አመስግኑልኝ። ኩዊዙን ስለፈለጉት ደግሞ በተለይ።

3፡49 — ሲስተር ገነት

ገባሁ። ቆሜ ነው ግን ገባሁ።

4፡12 — ሚስ ሰናይት

እዚህ አዳራሹ አልቋል፤ ወላጆች ወደየክፍሉ እየገቡ ነው። የክፍያ ጉዳይ ዛሬ አልተነሳም። ለብቻው ስብሰባ ይጠራበታል ተብሏል፤ ቀኑን በግሩፑ ላይ እንለቃለን። ስለዚህ አስተያየትዎን ያቆዩት።

የት ደረሱ?

4፡15 — ሲስተር ገነት

ጉርድ ሾላን አለፍኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ለናቲ ምንም አትንገሩት፤ ቤት ነው ያለው። ስለ ዓይኑ ከቲቸር ጋር ልነጋገር እንደመጣሁም አያውቅም። ካርድ ልታመጣ ሄደች ብሎ ነው የሚያስበው።

4፡16 — ሚስ ሰናይት

እሺ፣ ገብቶኛል። ወንበሩን ሰኞ ሁሉንም ልጆች አንድ ላይ በማዘዋወር እናስተካክለዋለን። ወሩ ስለተለወጠ ቦታ ቀይሩ ነው የምላቸው፤ እሱ ብቻ ተነጥሎ አይነሳም።

4፡17 — ሲስተር ገነት

ሚስ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንዲህ ቢሆን ነበር የፈለግኩት።

4፡38 — ሲስተር ገነት

በሩ ላይ ነኝ። ጥበቃው መታወቂያ እያየ ነው። 6ኛ «ለ» ስንተኛ ፎቅ ነው? ባለፈው ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር የተሰበሰብነው።

4፡39 — ሚስ ሰናይት

ሁለተኛ ፎቅ፣ ከላይብረሪው ቀጥሎ። ቲቸር ዳዊት የፈተናውን ወረቀት ይዘው እዚሁ ተቀምጠዋል። እህትዎም ካርዱን አሳዩኝ ብላ እየለመነችኝ ነው፤ ቶሎ ይድረሱልኝ።

4፡39 — ሲስተር ገነት

እንዳትሰጧት! ደረጃው ላይ ነኝ።