የመምህርቷ መደርደሪያ

መምህርት አልማዝ መደርደሪያውን በጋሪ አስጭነው ሲመጡ የአናጢው የጋሽ በላይ ተለማማጅ ታሪኩ ከሩቅ ለየው። መካከለኛው ጣውላ ወደ ታች ረግቧል።

«መጽሐፍ ነው የደረደርኩበት፤ ወፍጮ አልጫንኩበትም» አሉ።

ጋሽ በላይ ይቅርታ ጠይቀው፣ ሌላ ሠርተው ቤታቸው ድረስ እንደሚያደርሱ ቃል ገብተው ሸኟቸው። ታሪኩ ቁጣ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ጣውላውን ነቅለው ከጅማ ዝናብ መለስ ባለው ፀሐይ ላይ አወጡት።

«ከስንት ቁራጭ ገጠምከው?»

«ከአራት። ቁርጥራጩ እንዳይባክን ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ኮላህ አልለቀቀም፣ ጎበዝ። ጅማቱስ ወዴት ይሄዳል?»

ታሪኩ ጎንበስ ብሎ አየ። ቡናማው የዋንዛ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ሲገባው፣ ከግድግዳው በኩል ወደ ፊት ይሄዳል።

ጋሽ በላይ ከአንድ ሳንቃ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች በመጋዝ ቆረጡ፤ አንዱን በቁመቱ፣ ሌላውን በአግድሙ። በሁለት በርጩማዎች መካከል አጋድመው በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። የመጀመሪያው ለመጥ ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ቋ አለና ለሁለት ተከፈለ።

«ዛፍ ነፋስን የሚችለው በዚህ ጅማት ነው። በቁመቱ ስታጋድመው ሸክሙን ይችላል። በአግድሙ ካስቀመጥከው ግን የሚይዝልህ የጅማቶቹ እርስ በርስ መጣበቅ ብቻ ነው፤ እሱም ደካማ ነው።»

ታሪኩ ጣውላውን በሜትር ለካ። 90 ሳንቲም አድርጎ የቆረጠው አሁን 88 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ጫፉ ከጎኑ ቦይ ሊወጣ ደርሷል።

«ጋሼ፣ አጠረ እኮ!»

«ጠበበ በል። እንጨት ሲደርቅ በጎኑ ይጠብባል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አያጥርም። አንተ ጎኑን ቁመት አደረግከው። ለመሆኑ እንጨቱን መቼ ገዛኸው?»

«በክረምቱ፣ እንደተሰነጠቀ።»

ከዚያው ግዢ የተረፈ ጣውላ ጥግ ላይ ነበር። ጋሽ በላይ ከመሐሉ ቆርጠው ጉንጩ ላይ አስነኩት፤ ቀዘቀዘው። በባለ ሱቁ ሚዛን 560 ግራም መዘነ። ዳቦ ቤቱ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ታሪኩ እየተመላለሰ መዘነው። 400 ላይ ቆመ።

«160 ግራም ውኃ» አሉ ጋሽ በላይ። «ከደረቁ ክብደት 40 በመቶ ማለት ነው። ለቤት ዕቃ ከ12 ብዙ ባይርቅ ነው የሚሻለው። እርጥብ እንጨት ልዝብ ነው፤ ተጭኖበት ሲደርቅ ጉብጠቱን ይዞት ይቀራል።»

አዲሱን መደርደሪያ ከጣሪያው ሥር፣ በየመሐሉ ዘንግ ገብቶበት አየር ሲያገኝ ከከረመው ዋንዛ ሠሩ። ጅማቱን በርዝመቱ ያስተኛው ታሪኩ ራሱ ነበር።

በቀጣዩ ገበያ ነጋዴው ጣውላውን በመዳፉ እየመታ «ይህ ደረቅ ነው፣ ልጄ» አለው። ታሪኩ ጫፉን ሳይሆን መሐሉን በጉንጩ ነካና፣ ለናሙና ቁራጭ እንዲቆርጥለት ጠየቀው።