ለማህሌት፦ በሒሳብ መልመጃ ወረቀት 6 ላይ የተሰጠ አስተያየት

4ኛ ክፍል፣ የቁጥሮች የቤት ዋጋ
ውጤት፦ 14 ከ20 (ባለፈው ወረቀት 9 ከ20)

ማህሌት፣ በጣም ጥሩ አድርገሻል። ከ9 ወደ 14 ያደግሽው በግምት እንዳልሆነ ወረቀትሽ ራሱ ያሳያል። ባለፈው 345 + 27 ስትደምሪ 2ን ከ3 ሥር፣ 7ን ከ4 ሥር ጽፈሽ 615 አምጥተሽ ነበር። አሁን ጥያቄ 16 ላይ 426 + 58ን ስትሠሪ በእርሳስ ቀጭን መስመር ወደ ታች አስምረሽ፣ 8ን ከ6 ሥር፣ 5ን ከ2 ሥር አሰልፈሻል። 484 ልክ ነው። ከ15 እስከ 20 ካሉት ስድስት የመደመርና የመቀነስ ጥያቄዎች የሳትሽው አንዱን ብቻ ነው። መስመር ማስመሩን አትተዪው።

የተሳሳቱት 3፣ 5፣ 8፣ 9፣ 13 እና 19 ናቸው። አንድ ላይ አድርገሽ እያቸው፤ ከስድስቱ በአምስቱ ውስጥ ዜሮ አለ። ጥያቄ 2 ላይ «ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አርባ አምስት» ሲባል 7,245 ብለሽ ያለ ስህተት ጽፈሻል፤ ሁሉም ቤት በስሙ ተጠርቷልና። የሚያስቸግርሽ ሳይጠራ የሚታለፍ ቤት ያለበት ቁጥር ነው።

ጥያቄ 3፦ «አራት ሺህ ሠላሳ ስምንት»። አንቺ የጻፍሽው 400038 ነው። እንዴት እንደጻፍሽው ይገባኛል፤ «አራት ሺህ» ሲባል 4000 ጻፍሽ፣ «ሠላሳ ስምንት» ሲባል 38ን ከጎኑ ቀጠልሽ። ነገር ግን 38 የሚገባው ከ4000 በኋላ ሳይሆን በ4000 ውስጥ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ቦታ ነው። ጥያቄ 5 ላይ ደግሞ «ሁለት ሺህ ስድስት»ን 206 አልሽው። እዚህ ዜሮ አነሰ፤ 206 ሁለት መቶ ስድስት ነው። አንዱ ላይ ዜሮ ቢበዛ፣ ሌላው ላይ ቢያንስም ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቤቶቹን ሳታዘጋጂ የሰማሽውን በቀጥታ ጻፍሽ።

ከዛሬ ጀምሮ «ሺህ» የሚል ቁጥር ስትሰሚ፣ ምንም አሃዝ ሳትጽፊ በፊት አራት ቤት ሥሪ፦

| ሺህ | መቶ | አስር | አንድ |
|---|---|---|---|
| 4 | 0 | 3 | 8 |
| 2 | 0 | 0 | 6 |

ከዚያ እያንዳንዱን ቤት ጠይቂ። «ስንት ሺህ?» አራት። «ስንት መቶ?» አልተጠራም፣ ስለዚህ 0። «ስንት አስር?» ሠላሳ ሦስት አስር ነው፣ 3። «ስንት አንድ?» ስምንት። ከአስር ሺህ በታች የሆነ ባለ ሺህ ቁጥር ሁልጊዜ አራት አሃዝ ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ጽፈሽ ስትጨርሺ አሃዞቹን ቁጠሪ። 400038 ስድስት አሃዝ፣ 206 ሦስት አሃዝ ስለሆኑ ሁለቱንም ራስሽ ልትይዣቸው ትችዪ ነበር።

ዜሮ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርሽውን የግዕዝ ቁጥር አስቢ። 306 በግዕዝ ፫፻፮ ተብሎ ይጻፋል፤ ዜሮ የለውም፣ ምክንያቱም ፻ የሚለው ምልክት ራሱ «መቶ» ይላል። በእኛ አጻጻፍ ግን 3 ብቻዋን ሦስት ናት። መቶ መሆኗ የሚታወቀው በቆመችበት ቤት ነው። ባዶውን የአስር ቤት 0 ባይይዘው 6 ወደ 3 ተጠግታ 36 ይሆናል።

ጥያቄ 13 ላይ 3,099 ከ3,100 ይበልጣል ብለሻል። ሁለቱ 9 ትልልቅ መስለው ታይተውሽ ይሆናል። ስታወዳድሪ ከግራ ጀምሪ፦ ሺዎቹ 3 እና 3፣ እኩል ናቸው። መቶዎቹ 0 እና 1፤ እዚህ ተለያዩ፣ ስለዚህ 3,100 ይበልጣል። ከተለያዩበት ቤት በቀኝ ያሉትን ማየት አያስፈልግም። 99 ሲደመር 1 ነው 100 የሚሞላው።

ጥያቄ 19 ላይ ትንሽ እንቆይ። 402 − 138 ብለሽ 274 አገኘሽ። ትክክለኛው 264 ነው፤ ልዩነቱ ልክ 10 ነው፣ ይህም ስህተቱ በአስር ቤት እንደተሠራ ይነግረናል። በክፍል «መበደር» እንላለን፣ ለዚህ ሥራ ግን «መዘርዘር» የሚለው ቃል ይሻላል፤ የተበደሩት ይመለሳል፣ እዚህ ግን የሚመለስ ነገር የለም። 402 ብር ያለሽ አራት ባለ መቶ እና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ነው እንበል። ባለ አስር የለሽም። 8 ብር ለመክፈል 2 ሳንቲም አይበቃም። ስለዚህ አንዱን ባለ መቶ በ10 ባለ አስር ትዘረዝሪያለሽ፤ 3 ባለ መቶ ይቀራል። ከ10ሩ ባለ አስር አንዱን ደግሞ በ10 ሳንቲም ትዘረዝሪያለሽ፤ 9 ባለ አስር ይቀራል፣ ሳንቲሙ 12 ይሆናል።

| | መቶ | አስር | አንድ |
|---|---|---|---|
| ከተዘረዘረ በኋላ | 3 | 9 | 12 |
| ሲቀነስ | 1 | 3 | 8 |
| ቀሪ | 2 | 6 | 4 |

አንቺ መቶውን 3 አድርገሻል፣ አንዱንም 12 አድርገሻል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአስሩን ቤት ግን 10 ላይ ተውሽው። አንዷ ባለ አስር ወደ ሳንቲም ሄዳለች፣ አሁንም ከአስሮቹ ጋር ተቆጠረች። ማረጋገጫው መልስሽን ከተቀነሰው ጋር መደመር ነው፦ 274 + 138 = 412። 402 ስላልመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

8 እና 9 ቀላል ናቸው። 8 ላይ «በ5,742 ውስጥ የ7 ዋጋ ስንት ነው?» ሲባል «የመቶ ቤት» ብለሻል። ቤቱን በትክክል አውቀሻል፣ የተጠየቀው ግን ዋጋው ነው፦ 700። አሃዙ 7፣ ቤቱ መቶ፣ ዋጋው 700፤ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። 9 ላይ የ9,090ን ሁለት 9ኞች ሁለቱንም 9 አልሻቸው። የመጀመሪያው በሺህ ቤት ስላለ 9,000፣ ሁለተኛው በአስር ቤት ስላለ 90 ነው።

እስከ ሐሙስ የምትሠሪው፦ ስድስቱን ጥያቄዎች በዚሁ ወረቀት ጀርባ፣ የቤት ሰንጠረዥ እየሠራሽ ድገሚ። የድሮውን መልስ አታጥፊው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ እነዚህን አምስት ጨምሪ፦

1. «ስድስት ሺህ ዘጠኝ»ን በአሃዝ ጻፊ።
2. «አንድ ሺህ ሃያ»ን በአሃዝ ጻፊ።
3. በ8,808 ውስጥ ያሉትን የሦስቱን 8 ዋጋ ጻፊ።
4. የሚበልጠው የቱ ነው? 5,089 ወይስ 5,201
5. 503 − 247 ስንት ነው? በመደመር አረጋግጪ።

ለማህሌት ወላጆች፦ ቤት ውስጥ ሲያግዟት መልሱን አይንገሯት፤ «ይህ ቤት ውስጥ ስንት አለ?» ብለው ይጠይቋት። ወረቀት ቆርጣችሁ 5 ባለ መቶ፣ 15 ባለ አስር እና 20 ባለ አንድ ብር ብትሠሩላት 503 − 247ን በእጇ እየዘረዘረች ማየት ትችላለች። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትደክምና እንደገና በጆሮ የሰማችውን መጻፍ ትጀምራለች።

ሐሙስ ከክፍል በፊት ወረቀቱን ይዘሽልኝ ነዪ፤ ከአዲሶቹ አምስት 5ኛውን ጥያቄ አብረን እናየዋለን።

የሒሳብ መምህርሽ