የዮናታን የሒሳብ ፈተና 5ኛ ጥያቄ፦ ለወላጅ የተሰጠ መልስ

ለተማሪ ዮናታን አባት፣

ጤና ይስጥልኝ። ከፈተና ወረቀቱ ጋር አያይዘው የላኩልኝ ማስታወሻ ደርሶኛል። «መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ከ6 ማርክ 3 ብቻ ተሰጠው?» ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ የልጁን ወረቀት መስመር በመስመር የሚያይ ወላጅ ማግኘትም ያስደስተኛል። ወረቀቱን እንደገና አይቼዋለሁ። ማርኩ ባለበት ይቆያል፤ ለምን እንደሆነ ግን በዝርዝር ላስረዳዎት።

ጥያቄው (x + 3)(2 − x) = 4 የሚለውን ኢኩዌሽን «በፋክተራይዜሽን ፍቱ፤ ስቴፑን አሳዩ» ይላል። ዮናታን የጻፈው ይህ ነው፦

x + 3 = 4, x = 1
2 − x = 4, x = −2

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክለኛ መልሶች ናቸው። ችግሩ የተገኙበት መንገድ ነው። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። በክፍል የተማርነው ይህን ነው። ተባዝተው 4 ከሰጡ ግን አንዳቸው 4 መሆን አለባቸው የሚል ሕግ የለም፤ 2 በ2 ሲባዛም፣ 8 በግማሽ ሲባዛም 4 ነው። ዮናታን ለዜሮ ብቻ የሚሠራውን ሕግ ለ4 ተጠቀመበት።

ታዲያ መልሱ እንዴት ገጠመለት? ሁለቱን ቅንፎች ደምረው ይዩአቸው፦ x + 3 እና 2 − x ሲደመሩ x ይጠፋና ሁልጊዜ 5 ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ቅንፍ 4 ሲሆን ሌላው 1 ይሆናል፤ ብዜታቸውም 4 ነው። ቁጥሮቹ እዚህ ላይ ተመቻቹለት እንጂ ዘዴው አልሠራም። እቤት መሞከር ከፈለጉ በስተቀኝ ያለውን 4 በ6 ይተኩት። በዮናታን መንገድ x = 3 እና x = −4 ይመጣል። 3ን በቦታው ሲያስገቡት ግን 6 × (−1) = −6 ይሆናል፤ የምንፈልገው 6 ነበር። −4ም ያው ነው። ትክክለኛዎቹ መልሶች 0 እና −1 ናቸው።

ከዮናታን የተጠበቀው ቅንፎቹን አባዝቶ፣ 4ን ወደ ግራ አሻግሮ x² + x − 2 = 0 ላይ መድረስ፣ ከዚያም (x + 2)(x − 1) = 0 ብሎ መተንተን ነበር። ማባዛቱ 1፣ በዜሮ ማስተካከሉ 1፣ መተንተኑ 1፣ ሁለቱ መልሶች 2፣ መልሱን መልሶ ማረጋገጡ 1 ማርክ አላቸው። ዮናታን የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልሠራም። ሁለቱን መልሶች አግኝቷል፤ ሁለቱንም በጥያቄው ውስጥ አስገብቶ አረጋግጧል። ይህን ማረጋገጫ ከክፍሉ የሠሩት ጥቂቶች ስለሆኑ ማርኩን በደስታ ነው የሰጠሁት። 3 ማርክ የመጣው ከዚህ ነው።

«መልሱን የሳተ ልጅ ከእሱ በላይ አገኘ» ያሉትም እውነት ነው። ያ ተማሪ አባዝቶ በዜሮ አስተካክሏል፤ ሲተነትን ግን ምልክት አቀያየረ። ስህተቱ የሚቀጣው አንድ ጊዜ፣ በተሠራበት ስቴፕ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራው ከራሱ መስመር ጋር ስለሚስማማ ማርክ አግኝቷል፤ ባለማረጋገጡ ደግሞ አንድ አጥቷል። ድምሩ 4 ነው። የእሱ ስህተት የጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ የዮናታን ግን የሐሳብ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ በመሆኑ ስቴፕ እንደማይታይ ጽፈዋል። ልክ ነዎት፣ አይታይም። ግን የምርጫ ፈተና የሚያወጣ ሰው የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያዘጋጀው ተማሪዎች ከሚሠሩት ስህተት ነው። ጥያቄው በ6 ቢመጣ «3 እና −4» ከአማራጮቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ዮናታንም ሳይጠራጠር ያከብበዋል። እዚያ ግማሽ ማርክ የሚባል ነገር የለም።

እባክዎ በዚህ ምክንያት አይቆጡት። ልጁ ፈጣን ነው፣ ቁጥር አይፈራም፣ የሠራውንም መልሶ ያያል። አርብ ከትምህርት በኋላ በማጠናከሪያው ክፍለ ጊዜ በ6 የተተካውን ጥያቄ በራሱ መንገድ አሠራዋለሁ፤ ማረጋገጥ ስለሚወድ ስህተቱን ራሱ የሚያገኘው ይመስለኛል። ከዚያ በትክክለኛው መንገድ ሦስት ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይሠራል። የዚህ ፈተና ማርክ በዚህ አይለወጥም፤ ከፋይናል በፊት በሚሰጠው ኩዊዝ ላይ ግን ይህ ዓይነት ጥያቄ ስለሚኖር የተማረውን ያሳይበታል።

ያልተብራራልዎት ነገር ካለ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከ8 ሰዓት በኋላ በመምህራን ክፍል ያገኙኛል። ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፤ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
መምህርት ሕይወት
የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት