ከቴሌግራም ብስጭት ወደ ሥራ አስኪያጁ ኢሜይል

ስለ ጥገና ክፍል ኃላፊው ጠዋት የላክሽልኝን አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ የራስሽን መልእክት እንዳለ አስቀመጥኩት፤ ቀጥሎ ኢሜይሉ አለ።

«ሰውዬው ሊገድለኝ ነው! ሦስት ወር ሙሉ ለመንኩት። መድኃኒቱ ሁሉ ተበላሸ በቃ።»

«ዛሬም ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ስድስት ሰዓት ሙሉ ፍሪጁ ሲሞቅ አደረ። ዘበኛው ባይኖር ጉድ ነበር።»

«እቃው ይገዛል ይለኛል። ግዥ ክፍል ስጠይቅ የምን እቃ አሉኝ። ውሸታም! ሆን ብሎ ነው፤ ከድሮም ዓይኔን ማየት አይወድም።»

«አሁን በቀጥታ ለትልቁ ሰውዬ ነው የምጽፈው። ይለይለት።»

ኢሜይሉ ይኸው፦

ለ፦ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለፋርማሲ ክፍል ኃላፊ፣ ለጥገና ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የመድኃኒት ግምጃ ቤቱ ፍሪጅ ከ8 ዲግሪ በላይ ስለመሞቁና እስከ ግንቦት 18 ውሳኔ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7:40 ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ በራሱ አልተነሳም። የግምጃ ቤቱ ፍሪጅ ከ9:15 እስከ 12:30 ድረስ ከ8 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቆይቷል። የተመዘገበው ከፍተኛ ሙቀት 13.4 ዲግሪ ነው። ጄኔሬተሩን 10:50 ላይ በእጅ ያስነሳው ተረኛው የጥበቃ ሠራተኛ ነው።

በፍሪጁ ውስጥ 340 ብልቃጥ ኢንሱሊንና 600 አምፑል ኦክሲቶሲን ነበሩ። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው። መድኃኒቶቹ ከጥቅም ውጪ ሆነዋል ወይም አልሆኑም ለማለት የአምራቾቹ መረጃ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ለይተን፣ «አይሰጥም» የሚል ምልክት ለጥፈን፣ በሌላ ፍሪጅ በትክክለኛው ሙቀት አስቀምጠናቸዋል። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በሞዴል 22 የወጣ የለም። ለማዋለጃ ክፍል የቀረው ኦክሲቶሲን በክፍሉ ያለው ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ አጣዳፊ ነው።

መብራት ሲጠፋ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው ኦቶማቲክ ቼንጅኦቨር እንደማይሠራ ለጥገና ክፍል በጽሑፍ ያሳወቅኩት ሚያዝያ 22 ነው። ሚያዝያ 28 መለዋወጫ መገዛት እንዳለበትና የግዥ ጥያቄ እንደቀረበ በቃል ተነገረኝ። ግንቦት 4 ሁለተኛ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ተቀብለው ፈርመውበታል፣ የጽሑፍ መልስ ግን አልደረሰኝም። ግንቦት 12 ግዥ ክፍልን ስጠይቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳልደረሳቸው ነገሩኝ። ጥያቄው የት እንደቆመ አላረጋገጥኩም።

ከእርስዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የመለዋወጫው ግዥ በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ እስከ ሰኞ ግንቦት 18 በጽሑፍ እንዲታወቅ። ጥገናው እስኪያልቅ ማታ ማታ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ ተረኛ እንዲመደብ፤ ይህ ዛሬ ማታ መጀመር አለበት። የተለዩትን መድኃኒቶች በተመለከተ ደግሞ ከፋርማሲ ክፍል ኃላፊው ጋር ሆነን ለአምራቾቹ እንድንጽፍ ፈቃድዎ እንዲሆን።

የሙቀት መመዝገቢያው ንባብና የሁለቱ ማስታወሻዎች ቅጂ ተያይዘዋል። ተጨማሪ ማብራሪያ ካስፈለገ ዛሬ ሙሉ ቀን ግምጃ ቤት ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ግምጃ ቤት ኃላፊ

እንግዲህ ከመላክሽ በፊት። «ሦስት ወር» ያልሽውን ከማስታወሻዎችሽ ጋር ሳስተያየው ሦስት ሳምንት ሆኖ አገኘሁት፤ «ስድስት ሰዓት»ም መዝገቡ ላይ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። በሁለቱ ብትሄጂ ሰውዬው እነሱን ይዞ ሌላውን ሁሉ ያጣጥልብሽ ነበር። «ሁሉ ተበላሸ» የሚለውንም አወጣሁት። ኢንሱሊን በዚያ ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት ቢቆይ ወዲያው ይጣል ማለት አይደለም፤ የሚወስነው አምራቹ ነው።

«ሆን ብሎ ነው» የሚለውን አንድ ቃል አላስገባሁም። ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ግን ሥራ አስኪያጁ ማረጋገጥ የሚችለው ፊርማውን ነው። ጥገናውን ግልባጭ ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ተደብቀሽ ከሰሽው እንዳይባል፣ ደግሞም ጥያቄውን በእርግጥ ካቀረበ ማስረጃውን ራሱ ያወጣል።

ማስታወሻዎቹ ላይ የተቀባዩ ፊርማ በግልጽ መታየቱን እይ፤ ቅጂው ከደበዘዘ እንደገና አንሺው። አሁኑኑ ላኪው፣ ተረኛ የሚመደበው ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ከደረሳቸው ነው።