«አደፍርስ» ይግባልን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ጓደኞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የ11ኛ ክፍል የንባብ ዝርዝር ውስጥ ይግባ ልል ነው የቆምኩት። ይከብዳል ስትሉ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ይከብዳል። ንግግሩ የሸዋ ገጠር ነው፤ ሐዋሳ ላደግን ልጆች እንግዳ ቃል ይበዛበታል። ደራሲውም እጃችንን ይዞ አይመራንም።

ግን ምን ይዟል? በ1962 የወጣ ልቦለድ ነው። የተማረ ወጣት ገጠር ገብቶ ሁሉን ይሞግታል። ትልልቆቹም ዝም ብለው አይሰሙትም፤ አፍ አፉን ይሉታል። ማን ልክ እንደሆነ እኛው እንድንፈርድ ይተወናል። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው። ቤታችን ከአያቶቻችን ጋር የምንጨቃጨቀውስ ሌላ ነው እንዴ? በነገራችን ላይ አደፍርስ አንዳንዴ ያናድዳል፤ ወሬ ያበዛል። እንደ እኔ።

ቀላል መጽሐፍማ ማንም ሳያዘን ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን እንጨርሳለን። መምህር የሚያስፈልገን ለከባዱ ነው። ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ይሰጠን። ዓርብ ዓርብ በየተራ ጮክ ብለን እናንብብ፤ ያልገባንን ቃል ሰሌዳ ላይ እንጻፍ። የመጀመሪያው ወር ላይ ግን ፈተና አይኑር፣ በናታችሁ!

አመሰግናለሁ።